«ጨዋታው ይቆራረጣል» ብለው ከመላክዎ በፊት፦ ምን ይለካል፣ ምን ይጻፋል

ባለፈው ክረምት ከአራት ኪሎ አንድ ወጣት በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ጨዋታው ይቆራረጣል። ግራፊክስ ካርዱ የደከመ ይመስለኛል። ላፕቶፑን ሸጬ ሌላ ልግዛ?» ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለም። እኔ ቸርቸል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ፎቅ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። «ሆዴን ያመኛል» ብሎ በስልክ መድኃኒት እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ሆድ በስንት ምክንያት ያማል?

የዚህን ልጅ ችግር ያገኘነው በአራተኛው ቀን ነው። ሦስቱ ቀን የባከነው ግማሹ መጻፍ የነበረበትን ስላልጻፈ፣ ግማሹ ደግሞ እኔ ራሴ ቸኩዬ ስለፈረድሁ ነው። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ያን ጊዜ ብንከተለው በአንድ ምሽት ያበቃ የነበረው ሥራ ነው።

መጀመሪያ፦ የትኛው መቆራረጥ ነው?

በእኛ አነጋገር «መቆራረጥ» ሦስት ነገር ይሸፍናል። ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝግ ካለ ማሽኑ አቅም አንሶታል ማለት ነው፤ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ ያደርጉታል፣ አለቀ። በኢንተርኔት ሲጫወቱ ሌሎቹ ተጫዋቾች ካሉበት ተስፈንጥረው ሌላ ቦታ ቢገኙ፣ የእርስዎ እይታ ግን ዞር ዞር ሲሉ ለስላሳ ቢሆን፣ ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የኮምፒውተሩ አይደለም። ይህን ለማረጋገጥ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ክፍል ካለው እዚያ ገብተው ይሞክሩ። ሦስተኛው መንተባተብ ነው፦ ጨዋታው በጥሩ ፍጥነት ሲሄድ ይቆይና ለቅጽበት ይደናቀፋል፣ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይደናቀፋል። እዚህ የምናወራው ስለ ሦስተኛው ነው።

መንተባተብ በአማካይ ፍጥነት አይታይም። ጨዋታ ተከታታይ ሥዕል ነው፤ አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 59 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ10 ሚሊሰከንድ ቢወጡና አንዱ ብቻ 400 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ በማያ ገጹ ጥግ ላይ ያለው ቆጣሪ «60» ይላል። ዓይንዎ ግን ሰከንዱን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ጊዜ ቆሞ የቀረ ሥዕል አይቷል። ስለዚህ «በሰከንድ 60 ፍሬም አገኛለሁ፣ ግን ይቆራረጣል» የሚል ሰው እየዋሸ አይደለም። ልክ ያልሆነውን ነገር ለካ እንጂ። መለካት ያለበት እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀው ጊዜ ነው። ለንጽጽር፣ በሰከንድ 60 ማለት ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው።

የማሽኑን ማንነት መጻፍ

ዊንዶውስ አብዛኛውን ራሱ ይጽፍልዎታል። የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
dxdiag /t C:\Users\Public\dxdiag.txt
```

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፕሮሰሰሩን፣ የራሙን መጠን፣ ግራፊክስ ካርዱንና የድራይቨሩን ቁጥር የያዘ ፋይል ያገኛሉ። ከመላክዎ በፊት `Machine name` የሚለውን መስመር ያጥፉ፤ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን በራሱ ስም ይሰይማልና። ይህ ፋይል ራሙ በአንድ ቁራጭ ይሁን በሁለት አይነግርም። ልዩነቱ ደግሞ በጨዋታ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚገናኝበት መንገድ በግማሽ ይጠባል። በፓወርሼል ይህ ይነግርዎታል፦

```
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory | Select DeviceLocator, Capacity, Speed
```

በዚህ ላይ በእጅ የሚጨመሩ አሉ፦ ጨዋታው የተጫነው በሃርድ ዲስክ ላይ ነው ወይስ በኤስኤስዲ፣ ምን ያህል ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ የጨዋታው ስምና የቅጂ ቁጥር፣ የሥዕል ጥራቱ ምን ላይ ነው፣ ችግሩ የጀመረው መቼ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። «ድሮም እንዲሁ ነው» እና «ከፋሲካ በኋላ ጀመረው» የሚሉት መልሶች ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይወስዱናል። ከችግሩ በፊት በነበሩት ሳምንታት የተቀየረውን ሁሉ፣ ከጨዋታ ጋር ይገናኛል ብለው ባያስቡትም፣ ይጻፉት።

ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ያገላብጡት። የቻርጀሩን ጀርባ ያንብቡ፤ ቮልቱንና አምፔሩን ይጻፉ። ይህን የሚነግርዎት ፋይል የለም።

መለካት

ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። CapFrameX የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ይመዘግባል። HWiNFO64 የሙቀቱን፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና የኃይሉን ሁኔታ ይመዘግባል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መሥራት አለባቸው፤ ሥዕሉ ሲደናቀፍ ማሽኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበረ ማየት የሚቻለው ሁለቱን መዝገቦች በሰዓት ሲያጋጥሟቸው ነውና።

HWiNFO64ን ሲከፍቱ `Sensors-only` የሚለውን ይምረጡ። ንባቡን የሚያድሰው በየ2 ሰከንዱ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ይህ ይዘገያል፣ ወደ 1 ሰከንድ ያውርዱት። ከዚያ መመዝገብ እንዲጀምር አድርገው ወደ ጨዋታው ይግቡ። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይጫወቱ፤ ቀዝቃዛ ማሽን ላይ የተለካ ቁጥር ስለ ሞቀው ማሽን ምንም አይናገርም። ቀጥሎ በጨዋታው ውስጥ ደጋግመው ሊሄዱበት የሚችሉትን አንድ መንገድ ይምረጡና በCapFrameX 120 ሰከንድ ይቅዱ። ያንኑ መንገድ ሦስት ጊዜ ይድገሙት።

ሦስት ጊዜ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ጨዋታዎች አዲስ ነገር በማያ ገጹ ላይ ሲመጣ ለግራፊክስ ካርዱ የሚሆነውን ትእዛዝ እዚያው ያዘጋጃሉ፤ በዚያች ቅጽበት ሥዕሉ ይቆማል። አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ግን ይቀመጣል። መደናቀፉ በመጀመሪያው ዙር ኖሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከጠፋ ይኸው ነው፤ ማሽኑን አይንኩት። በሦስቱም ዙር በዚያው ቦታ ላይ፣ በተለይ በፍጥነት ወደ አዲስ ሰፈር ሲገቡ ከደገመ ግን ዲስኩን ወይም ራሙን እጠረጥራለሁ። ከቦታው ጋር ሳይሆን ከሰዓቱ ጋር ከሄደ፣ ማለትም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጀምሮ በየተወሰነ ሰከንዱ ከመጣ፣ ነገሩ ወይ ሙቀት ነው ወይ ኃይል።

በሚለኩበት ጊዜ ማያ ገጹን በቪዲዮ የሚቀዳ ፕሮግራም አይክፈቱ፤ እሱ ራሱ ሸክም ይጨምራል። በስልክ ከማያ ገጹ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮም ብዙ አይጠቅመኝም። መዝገቦቹን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ ፎቶ ሲደርስ ቁጥሮቹ ደብዝዘው አይነበቡም።

የልጁ ቁጥሮች

ልጁ በሁለተኛው ቀን የማሽኑን ዝርዝር ላከ። ፕሮሰሰሩ `Core i7-9750H`፣ ግራፊክስ ካርዱ `GTX 1660 Ti` ባለ 6 ጊጋ ባይት፣ ራሙ በሁለት ቁራጭ 16 ጊጋ ባይት፣ ጨዋታው በኤስኤስዲ ላይ። አጎቱ ከውጭ የላከለት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ጨዋታው በሰፊ ከተማ ውስጥ መኪና የሚነዳበት ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚያስወቅስ ነገር የለም።

መለኪያውም መጣ። አማካዩ በሰከንድ 74 ፍሬም ነው። የዘገዩትን ብቻ የሚያሳየው `1% low` የሚባለው ቁጥር ግን 13 ነው። እጅግ የዘገየው አንድ ፍሬም 310 ሚሊሰከንድ ፈጅቷል። ግራፉ ላይ ደግሞ በየ12 ሰከንዱ ግድም፣ ሁለት ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ጉብታ አለ። ሦስቱም ዙር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚጀምረው ከ8ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ቦታን ሳይሆን ሰዓትን የሚከተል ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት። የፕሮሰሰሩ ሙቀት 91 ዲግሪ ደርሷል ሲለኝ «ሙቀት ነው» ብዬ ፈረድሁ። ሰበብ አላጣሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ በመሀል ከተማው የግንባታ አቧራ በየላፕቶፑ ሆድ ውስጥ እንደ ጥጥ ተጋግሮ አገኛለሁ። ልጁን ክፈተውና ጥረገው አልሁት። ጠረገው። ሙቀቱ ከ91 ወደ 84 ወረደ። `1% low` ከ13 ወደ 14 ወጣ። ይኸው ነው፤ ጉብታዎቹ እንዳሉ ናቸው።

ያን ጊዜ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን መዝገብ ተመለከትሁ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ከ3.8 ጊጋኸርዝ ወደ 0.8 ይወድቃል። ሙቀት ያመጣው ቢሆን ቅደም ተከተሉ ይታወቃል፦ ሙቀቱ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይወርዳል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። በልጁ መዝገብ ላይ ግን ፍጥነቱ የሚወድቀው ሙቀቱ 84 ላይ እያለ ነው። `Core Thermal Throttling` የሚለው መስመር ከዳር እስከ ዳር `No` ይላል። ከእሱ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው `IA: PROCHOT` ደግሞ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ `Yes` ሆኖ ይመለሳል።

ይህ ሁለተኛው መስመር ስሙ ሙቀትን ቢያስታውስም ከፕሮሰሰሩ ውጭ ያለ ሌላ ክፍልም ሊጎትተው የሚችል ልጓም ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የኃይሉን ፍሰት የሚቆጣጠረው ክፍል ከቻርጀሩ የሚሳበው ከልክ ሲያልፍ ይህን ልጓም ይስበዋል፤ ፕሮሰሰሩም ወዲያው ወደ ታችኛው ፍጥነት ይወርዳል። ኃይሉ ሲቀል ይለቀዋል። ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፤ ይህ ነው መንተባተቡ።

ቀጥሎ የባትሪውን መስመሮች አየሁ። ልጁ ሶኬት ላይ ሰክቶ ነው የተጫወተው፤ ሆኖም ባትሪው በ35 ደቂቃ ውስጥ ከ97 በመቶ ወደ 78 ወርዷል። `Charge Rate` የሚለው ቁጥር ከዜሮ በታች ነው። የተሰካ ላፕቶፕ ባትሪው ከጎደለ ከግድግዳው የሚመጣው አልበቃም ማለት ነው። ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ የባትሪውን እውነተኛ መጠን ጠየቅሁት፦

```
powercfg /batteryreport /output C:\Users\Public\battery.html
```

ፋብሪካው የሰጠው መጠን 60 ዋት-ሰዓት፣ አሁን የሚይዘው 47። ከዚህ 19 በመቶው ወደ 9 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ በ35 ደቂቃ ተካፍሎ በአማካይ 15 ዋት ያህል ጉድለት ነው።

«ቻርጀሩ የራሱ ነው?» አልሁት።

«የራሱማ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ፤ ሌላ ገዛሁ። ግን እኮ ጋሼ በደንብ ይሞላል፤ ሶኬቱም ልክ ነው!»

ጀርባውን አንብብልኝ አልሁት። 19.5 ቮልት፣ 6.15 አምፔር። ሁለቱን ሲያባዟቸው 120 ዋት ይመጣል። የተቃጠለው ቻርጀር መሳቢያ ውስጥ ነበረና እሱንም አነበበው፦ 19.5 ቮልት፣ 9.23 አምፔር፤ 180 ዋት ነው። በጨዋታ ጊዜ ይህ ግራፊክስ ካርድ ብቻውን ወደ 80 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ወደ 45 ዋት ሊስብ ይችላል፤ ማያ ገጹ፣ ማራገቢያውና ሌላው ሲጨመር ከ120 ያልፋል። ደብዳቤ ሲጽፉበትና ፊልም ሲያዩበት ግን 120 ዋት ተርፎ ባትሪ ይሞላል። ለዚህ ነው «በደንብ ይሞላል» ያለው፤ እውነቱን ነው።

አንድ በአንድ መቀየር

ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ያንኑ መንገድ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ችግሩ ቢጠፋለትም ምን እንዳጠፋው አያውቅም።

ልጁ የሥዕሉን ጥራት ከከፍተኛ ወደ መካከለኛ አወረደ፤ ጉብታዎቹ አልጠፉም። ቀጥሎ ጨዋታውን በሰከንድ 45 ፍሬም ላይ ገደበው። ጉብታዎቹ በሙሉ ጠፉ፤ `1% low` 43 ሆነ። ደስ ብሎት «ተገኘ!» አለ። አልተገኘም። ፍሬሙን መገደብ ኃይሉንም ሙቀቱንም በአንድ ላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበረ አይለይም። እንደ ማስታገሻ ግን ጥሩ ነው።

የሚለየው ሙከራ ቻርጀሩን መቀየር ነበር። በአራተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ሶኬቱ የሚገጥም ባለ 180 ዋት ቻርጀር ከእኔ ዘንድ ነበረ። የፍሬሙን ገደብ አንስተን፣ ጥራቱን ወደ ከፍተኛ መልሰን፣ 10 ደቂቃ አሙቀን ለካን። አማካዩ 84፣ `1% low` 61፣ እጅግ የዘገየው ፍሬም 34 ሚሊሰከንድ። ባትሪው 100 ላይ ቆሟል። ሙቀቱስ? ከ84 ወደ 89 ዲግሪ ወጣ። ማሽኑ የበለጠ ሞቀ፣ መንተባተቡ ግን ጠፋ። ሙቀት ነው ብዬ ለፈረድሁት ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማፈሪያ የለም።

ቻርጀር ለምትቀይሩ፦ ቮልቱ ከቀድሞው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የተለየ ቮልት ማዘርቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። አምፔሩ ግን ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው። ሲያንስ ነው ችግሩ። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ቻርጀሩ ራሱን በሶኬቱ መሀል ባለች ቀጭን መርፌ በኩል እንዲያስተዋውቅ ይጠብቃሉ፤ ካላወቁት ዋቱ በቂ ቢሆንም ፍጥነታቸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ታች ይቀራል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሲጫወቱ የለኩትንም አይላኩ፤ በባትሪ ላይ አብዛኛው የጨዋታ ላፕቶፕ አቅሙን ይቀንሳል።

መጀመሪያ ቀን መምጣት የነበረበት መልእክት

በመጨረሻ ልጁን ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንዲጽፈው አደረግሁት፤ እንዲህ ሆነ፦

«ያገለገለ ላፕቶፕ፣ `Core i7-9750H`፣ `GTX 1660 Ti` 6 ጊጋ ባይት፣ ራም 8 ሲደመር 8፣ ጨዋታው በኤስኤስዲ ላይ፣ 140 ጊጋ ባይት ባዶ። የዊንዶውስና የድራይቨሩ ቁጥር በተያያዘው ፋይል ውስጥ አለ። ችግሩ የጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። ያኔ የተቀየረው ቻርጀሩ ብቻ ነው፤ የቀድሞው 180 ዋት፣ ያሁኑ 120 ዋት። ከ8 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ በየ12 ሰከንዱ ለ2 ሰከንድ ይደናቀፋል፤ ቦታ አይመርጥም፣ በሦስቱም ዙር ያው ነው። አማካይ 74፣ `1% low` 13፣ ትልቁ 310 ሚሊሰከንድ። ሙቀት እስከ 91። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ባትሪው በ35 ደቂቃ 19 በመቶ ጎደለ። አቧራውን ጠርጌ ለውጥ አላየሁም። ሁለቱም መዝገቦች ተያይዘዋል።»

ይህ ቢደርሰኝ ኖሮ ቻይዬ ሳይቀዘቅዝ መልስ እሰጥ ነበር። ላፕቶፑን አልሸጠውም። ባለ 180 ዋቱን ቻርጀር አጎቱ በሚመጣ መንገደኛ እስኪልክለት ድረስ ጨዋታውን በሰከንድ 45 ላይ ገድቦ ይጫወታል።